ዕቃው የገባው በድሮው ዶላር ነው፤ ታዲያ ዋጋው ለምን ጨመረ?

«ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ትንሽ የቤት ዕቃ ሱቅ አለኝ። ፔርሙዝ፣ ብርጭቆ፣ ስኒ፣ ጀበና፣ የፕላስቲክ ባልዲ እሸጣለሁ። ዕቃ የማመጣው መርካቶ ካለ አከፋፋይ ነው። እሱ ራሱ አስመጪ ነው። ዶላር 120 ብር ገደማ እያለ አንዱን ፔርሙዝ በ1,200 ብር ሰጥቶኝ ነበር። አሁን ዶላር ወደ 150 ሲጠጋ 1,500 ካልሆነ አልሸጥም አለኝ። ዕቃው ግን አዲስ የገባ አይደለም። መጋዘኑ ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ነው፣ ካርቶኑን በዓይኔ አውቀዋለሁ። በድሮ ዶላር የገባን ዕቃ በአዲስ ዶላር መሸጥ ሌብነት አይደለም ወይ? እኔ ደንበኞቼን አፍሬ ሱቄ የነበሩትን 40 ፔርሙዞች በድሮው ዋጋ በ1,350 ሸጥኳቸው። ደብተሬ ላይ ትርፍ አለኝ። መደርደሪያዬ ግን ጎድሏል። ምን ይሻለኛል? ከአዳማ።»

እህቴ፣ ደብተርሽ የሚቆጥረው ብር ነው። መደርደሪያሽ የሚቆጥረው ፔርሙዝ ነው። ሁለቱ የተጣሉትም ለዚህ ነው፣ እኔ የማምነው ደግሞ መደርደሪያውን ነው።

እስቲ አብረን እንሥራው። 40 ፔርሙዝ በ1,350 ሲሸጥ 54,000 ብር ነው። የገዛሽበት 48,000 ስለነበር ደብተሩ «6,000 አተረፍሽ» ይልሻል። አሁን ያንን 48,000 ይዘሽ መርካቶ ሂጂ። በ1,500 ሂሳብ 32 ፔርሙዝ ነው የሚሰጥሽ። ትርፍ ያልሽውን 6,000 ብር ለቤት ኪራይም ለአስቤዛም ሳትነኪ ብትጨምሪበት እንኳ 36 ነው። 40 ፔርሙዝ የነበራት ሴት ሁሉንም ሸጣ፣ ትርፏን ሳትበላ፣ 36 ብቻ መመለስ ከቻለች አላተረፈችም። ካፒታሏን ነው በቅናሽ የሸጠችው።

ለዚህ ነው ዕቃ እየሸጠ ዕቃ ለሚተካ ሰው የዕቃው ዋጋ ባለፈው የከፈለው ገንዘብ የማይሆነው። ዋጋው ነገ ያንኑ ዕቃ መልሶ ለማምጣት የሚከፍለው ገንዘብ ነው። አከፋፋይሽም ያለው እዚሁ ላይ ነው። 100 ፔርሙዝ መጋዘን አለው እንበል። ሁሉንም በድሮው በ1,200 ቢሸጥልሽ 120,000 ብር ይይዛል። ቀጥሎ የሚያስገባው ደግሞ፣ አሁን እንደምናየው፣ ለአንዱ የራሱን ትርፍ ጨምሮ 1,451 ብር ገደማ ይደርሳል። በ120,000 ብር የሚተካው 82 ነው። 18 ፔርሙዝ አየር ላይ ቀረ። ሁለት ሦስት ዙር እንዲህ ቢያደርግ የሚያከፋፍለው ዕቃ አይኖረውም፣ አንቺም የምታመጪበት አታገኚም።

ስለዚህ ጥያቄሽን በአጭሩ ልመልስ። በድሮ ዶላር የገባን ዕቃ በአዲሱ ማስከፈሉ በራሱ ሌብነት አይደለም። የጨመረው 300 ብር ሁሉ የዶላር ነው ማለት ግን አይደለም። ከፊሉ የእሱ ጭማሪ ነው። የቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ፔርሙዙን ከተጫነበት ወደብ ጀምሮ እስከ መጋዘኑ ድረስ መከተል አለብን።

ለዓመታት የሰው ዕቃ ከጉምሩክ እያስወጣሁ በትራንዚተርነት ስለሠራሁ፣ አስመጪዎች ለጉምሩክ የሚያቀርቡትን የዕቃ መግለጫ፣ ዲክላራሲዮኑን፣ የስንቱን አይቻለሁ። የአንቺን አከፋፋይ ሰነድ አላየሁም። ስለዚህ ለስሌት እንዲመቸን ፔርሙዙ ከነመርከብ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ 5 ዶላር አወጣ፣ የጉምሩክ ቀረጡም 30 በመቶ ነው እንበል። ቀረጡ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። የስሌቱ አካሄድ ግን ያው ነው።

ዶላር 120 ሲሆን 5 ዶላር 600 ብር ነው። ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በዚህ በብር በተቀየረው ዋጋ ላይ ነው። 30 በመቶው 180 ብር ሲሆን ድምሩ 780 ይሆናል። ቫቱ 15 በመቶ የሚታሰበው በ600 ላይ ሳይሆን በ780 ላይ ነው። 117 ብር ይጨምርና 897 ይደርሳል። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር 10 በመቶ ደግሞ በ897 ላይ ይታሰባል፣ ወደ 90 ብር ነው። የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ የሚባለው 3 በመቶ በመጀመሪያው 600 ላይ ተሰልቶ 18 ብር ይሆናል። ሁሉም ሲደመር ፔርሙዙ ከጉምሩክ የሚወጣው በ1,005 ብር ገደማ ነው። ዕቃው ላይ የሚቆረጥ ቅድመ ግብርም አለ። እሱ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ከትርፍ ግብሩ ጋር ስለሚቻቻል እዚህ አልቆጠርኩትም።

አሁን ዶላሩን 150 እናድርገው። ቻይና ያለው ሻጭ አንድ ሳንቲም አልጨመረም፣ ዕቃው አሁንም 5 ዶላር ነው። በብር ግን 750 ሆነ። ቀረጡ 225 ሆኖ ድምሩ 975 ይደርሳል። ቫቱ 146፣ ሱር ታክሱ 112፣ የማኅበራዊ ልማት ቀረጡ 22 ብር ከሃምሳ ይሆናል። ከጉምሩክ ሲወጣ 1,256 ብር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። አምስቱ ዶላር እያንዳንዳቸው 30 ብር ስለጨመሩ የዕቃው ጭማሪ 150 ብር ነው። ከጉምሩክ ሲወጣ ያለው ጭማሪ ግን 251 ብር ነው። 101 ብሩ የተጨመረው በማንም ስግብግብነት አይደለም። አዲስ ግብርም አልታወጀም። ግብሩ በመቶኛ ስለሚታሰብና የሚታሰብበት ዋጋ በብር ስላበጠ ነው። ብር በተዳከመ ቁጥር መንግሥት ከአንዱ ፔርሙዝ የሚሰበስበው ብርም አብሮ ያድጋል። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፣ ሰው ሁሉ «ነጋዴው ነው» ብሎ ሲደመድም ጭማሪው በማን በማን እጅ እንዳለፈ እንዲታይልኝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የጉምሩኩ ምንዛሬ የሚወሰደው ዲክላራሲዮኑ በተመዘገበበት ቀን ያለው ነው። አስመጪው ለቻይናው ሻጭ የሚከፍለው ግን በባንኩ በኩል ኤልሲ የሚባለውን የክፍያ ዋስትና ከፍቶ፣ ዕቃው መርከብ ላይ ሳይወጣ ገና ሊሆን ይችላል። ጅቡቲ ደርሶ፣ በመኪና ወይም በባቡር ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ እስኪፈተሽ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ አንዱን ዕቃ በአንድ ምንዛሬ ገዝቶ በሌላ ምንዛሬ ይቀረጥበታል። ዶላር እየጨመረ መሆኑን የሚያውቅ አስመጪ ለዚያ ክፍተት ትንሽ ብር ይጨምራል። ያ ጭማሪ በሰነድ ላይ አይታይም፣ ግን አለ።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንምጣ። ድሮ ከ1,005 እስከ 1,200 ድረስ የነበረው 195 ብር ምንድን ነበር? ከሞጆ መርካቶ የጭነት መኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የራሱ ትርፍ ነው። እነዚህ በብር የሚከፈሉ ናቸው። ዶላር 150 በገባበት ሳምንት የወዛደሩ ሂሳብ በ25 በመቶ አይጨምርም፣ የመጋዘን ኪራዩም ውሉ እስኪታደስ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ 195 ብሩ ባለበት ቢቀር አዲሱ ዋጋ 1,256 እና 195 ተደምሮ 1,451 ብር ነው። እሱ ያለሽ 1,500 ነው። ልዩነቱ 49 ብር ነው።

49 ብሩ ከየት መጣ? «ዶላር በ25 በመቶ ጨመረ» ብሎ 1,200ውን እንዳለ በ25 በመቶ ስላበዛው ነው። ይህን ሲያደርግ የዶላር ክፍል የሌለውን ወጪና ትርፉንም አብሮ አባዛው። ነጋዴ ሁሉ ለአቋራጭ እንዲህ ያሰላል። አንዳንዱ ሆን ብሎ ነው፣ አንዳንዱ ከዚህ ውጪ ስሌት አያውቅም። መለኪያሽ ይህ ይሁን፦ ዶላር በ25 በመቶ ሲጨምር የጅምላ ዋጋው ወደ 21 በመቶ ገደማ ቢጨምር ተገቢ ነው። እኩል 25 ከሆነ ለራሱ ጨምሯል፣ ለመደራደር ቦታ አለሽ። ከ25 በላይ ከሆነ ሌላ ምክንያት መኖር አለበትና ምክንያቱን ጠይቂ። ወደ ደንበኛሽ ሲደርስ ደግሞ መቶኛው ይበልጥ ይቀንሳል። በ1,451 ገዝተሽ ያንኑ 150 ብር ብትጨምሪ 1,601 ትሸጫለሽ፣ ይህም ከ1,350 አንፃር 19 በመቶ ያህል ነው።

የዜናው ቁጥር እንዳያደናግርሽም ተጠንቀቂ። ዶላር ከ120 ወደ 150 ሲሄድ ዶላር በ25 በመቶ ጨመረ ማለት ይቻላል። ብር በ20 በመቶ ተዳከመ ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የተለካው ግን ከተለያየ አቅጣጫ ነው። የመርካቶን ዋጋ ለመመርመር የሚጠቅምሽ የመጀመሪያው ነው፤ የዛሬውን ምንዛሬ ለድሮው አካፍለሽ የምታገኚው።

ብር ለምን ይዳከማል የሚለውን በሰፊው አልገባበትም። መነሻው ግን ቀላል ነው። በ2016 በጀት ዓመት አገራችን ሸቀጥ ወደ ውጭ ልካ ያገኘችው ወደ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ያስገባችው ዕቃ ዋጋ ከዚያ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ሐዋላው፣ ብድሩና እርዳታው ጎዶሎውን በከፊል ይሞላል። የቀረውን ለማግኘት ፈላጊው ሲበዛ የዶላሩ ዋጋ ይወጣል።

ይልቅ ልትጠነቀቂለት የሚገባው የ2016ቱ ጉዳይ ነው። እስካሁን ድረስ ነጋዴዎች በእሱ ስለሚምሉ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። የዚያኑ ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላር ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ዘለለ። ከሳምንታት በኋላ 100ን አለፈ። ሰው ሁሉ «ዶላር እጥፍ ሆነ፣ ዕቃም እጥፍ ይሆናል» አለ። ብዙ ሱቅ ዋጋ ለጠፈ። ብዙ ሱቅም ያለአግባብ ጨምረሃል ተብሎ ታሸገ።

እውነቱ ግን በመሃል ነበር። ከዚያ በፊት እንደ ፔርሙዝ ያለ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የባንክ ወረፋ ብዙም አይደርሰውም ነበር። ቅድሚያው ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒት ነበር። ስለዚህ ዶላሩን በአንድም በሌላም መንገድ በጥቁር ገበያ ዋጋ ያገኝ ነበር። ያ ዋጋ ከ100 ብር በላይ ነበር። ለስሌት 115 እንውሰድ። 5 ዶላሩ ያኔም 575 ብር ያወጣበት ነበር ማለት ነው። ጉምሩክ ግን በባንኩ 57 ብር ከ48 ነበር የሚያሰላበት፤ ዕቃው በጉምሩክ ዓይን 287 ብር ብቻ ነበር። ቀረጡ፣ ቫቱ፣ ሱር ታክሱና የማኅበራዊ ልማት ቀረጡ ተደምሮ 194 ብር ገደማ ይመጣል። ፔርሙዙ በ769 ብር ይገባ ነበር።

የባንኩ ምንዛሬ 120 ሲደርስስ? ዕቃው 600 ሆነ፣ የጨመረው 25 ብር ብቻ ነው። ግብሩ ግን ከ194 ወደ 405 ወጣ፣ 211 ብር ጨመረ። ጠቅላላው ከ769 ወደ 1,005 ሄደ። 31 በመቶ ገደማ ነው። ዶላሩ በባንክ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ሳለ ዕቃው በእጥፍ መጨመር አልነበረበትም፣ ምክንያቱም የጥቁር ገበያውን ዶላር ሸማቹ ቀድሞ ሲከፍለው ኖሯል። ግን «አንድ ብር መጨመር አልነበረበትም» ያለውም ተሳስቷል። ጭማሪው ከሞላ ጎደል ሁሉም በጉምሩክ በኩል ነው የመጣው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ወገን ሲከራከር ይህን ያነሳ ሰው ብዙ አልሰማሁም፣ ያሳዝነኛል።

ነዳጅና ማዳበሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። እነሱ በባንኩ ዋጋ ይገቡ ስለነበር ጭማሪያቸው ሙሉ ነው። መንግሥት በድጎማ ስለያዘው ነው በአንድ ቀን ያልፈነዳው። የነዳጅ ዋጋ ከዚያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር አይተሻል። ይህ ደግሞ ወደ አንቺ የሚመጣው በጭነት መኪናው በኩል ነው። ቅድም 195 ብሩ «ባለበት ቢቀር» ያልኩት ለሳምንታት እንጂ ለዓመት አይደለም። የጭነቱ ታሪፍ ይከተላል፣ ከዚያ የጫኝና አውራጁ የኑሮ ውድነት፣ ከዚያ ኪራዩ። አከፋፋይሽ በስድስት ወሩ ተመልሶ ሌላ 30 ብር ቢጨምርና ዶላሩ በዚያ መሃል ባይንቀሳቀስ መዋሸቱ ላይሆን ይችላል።

ይህን ይዘን ሱቅሽ ውስጥ እንግባ። ዕቃሽ ሁሉ በአንድ መቶኛ መጨመር የለበትም። ጀበናው የአገር ሸክላ ነው። አፈሩም፣ ማገዶውም፣ የሠሪዋ እጅም በብር ነው የሚታሰበው። ዶላር ጨመረ ብለሽ ጀበናውን በ20 በመቶ ብትጨምሪ ደንበኛሽ ትታዘብሻለች፣ ልክም ነች። የጨመረ የማጓጓዣ ወጪ ካለ እሱን ብቻ ጨምሪ። የፕላስቲክ ባልዲው ግን ያታልላል። «የአገር ውስጥ ምርት» ይላል፣ እውነትም እዚህ ነው የተሠራው። የሚሠራበት የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ግን ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ማሽኑና መለዋወጫውም እንዲሁ። ስለዚህ ባልዲውም ይጨምራል፣ ከፔርሙዙ ትንሽ ዘግይቶና ትንሽ አንሶ። ፋብሪካው በእጁ ያለውን ጥሬ ዕቃ እስኪጨርስ ጊዜ አለሽና አሁን ባልዲ መግዛት ፔርሙዝ ከመግዛት ይሻላል። ብርጭቆና ስኒ ከውጭ የመጣ ከሆነ እንደ ፔርሙዙ ቁጠሪው። ሲሰበርም በአንቺ ኪሳራ ስለሆነ ስብራቱን በአዲሱ ዋጋ አስቢው።

ፔርሙዝ ላይ ዋጋ ስታወጪ ቶሎ የሚሸጠውንና የሚቆየውን ለዪ። በሳምንት አሥር የሚወጣልሽን በመተኪያ ዋጋ ሽጪ፣ ሳታፍሪ። ነገ ያንኑ መግዛት አለብሽና። መደርደሪያ ላይ ለዓመት አቧራ የጠጣውን፣ ቀለሙ የማይወደደውን ግን ባለበት ዋጋ አውጪው። እሱን መልሰሽ ስለማትገዢው የመተኪያ ዋጋ የለውም። ገንዘቡ በእጅሽ ቢገባ ነው የሚሻልሽ።

ትልቁ ጉዳትሽ ግን ምናልባት ዱቤው ነው። በደብዳቤሽ አላነሳሽውም፣ ግን የቤት ዕቃ ሱቅ ያለ ዱቤ አይኖርም። በ1,350 ሸጠሽ ገንዘቡን ከሁለት ወር በኋላ ስትቀበይ በመሃል ዶላሩ ከጨመረ፣ ጭማሪውን ለደንበኛሽ የከፈልሽላት አንቺ ነሽ። ፔርሙዙን ወስዳ ስትጠቀምበት የምትኖረው ደግሞ እሷ ነች። ዱቤ አትስጪ አልልሽም፣ ጎረቤት ነው፣ ዕድርተኛ ነው። ቀኑን ግን አሳጥሪው። ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ በዱቤ ስትሰጪ ከደመወዝ እስከ ደመወዝ አታሳልፊ፣ ግማሹን በቅድሚያ ተቀበይ። ጀበናውን በዱቤ ብትሰጪ ጉዳቱ ትንሽ ነው። በአንጻሩ አከፋፋይሽ ለአንቺ ዱቤ ከሰጠሽ፣ ዋጋው የተወሰነው በወሰድሽበት ቀን ይሁን ወይስ በምትከፍይበት ቀን፣ ከመጀመሪያው አስጽፊው። ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነው።

ጭማሪውን ስታወጪ የድሮውን ወረቀት አንስተሽ አዲሱን ለጥፊ። በግልጽ የተለጠፈ ዋጋና ደረሰኝ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተጠየቀ ነገር ነው። ያ አዋጅ ዕቃ መደበቅንም ይከለክላል። ነገ ይጨምራል ብለሽ ካርቶኑን ጓዳ ከተሽ «የለም» ማለት የለብሽም። በአዲሱ ዋጋ «አለ» ማለትና ደብቆ «የለም» ማለት የተለያዩ ናቸው። ተቆጣጣሪ ቢመጣም አከፋፋይሽ የሰጠሽን ደረሰኝ ማሳየት ትችያለሽ። እሱ ያለ ደረሰኝ ከሆነ የሚሸጥልሽ መጀመሪያ ያንን አስተካክዪ። በ1,500 ገዝተሽ ማስረጃሽ የ1,200 ከሆነ፣ ያለአግባብ ጨምራለች ቢሉሽ መከራከሪያ የለሽም። ግብሩም ያንን የውሸት ትርፍ ይዞ ይመጣብሻል።

ስለ ግብር ካነሳሁ፣ ይህንን እወቂው። ሂሳብ የምትይዢ ከሆነ በድሮው 1,200 የተገዛው ፔርሙዝ በ1,601 ሲሸጥ መዝገቡ 401 ብር ትርፍ ያሳያል። ከዚያ 251 ብሩ ለመተኪያው የሚሄድ ነው፣ ትርፍ አይደለም። የግብር ሕጉ ግን የሚያየው የገዛሽበትን ደረሰኝ ነው። ስለዚህ ዶላር በጨመረበት ዓመት ግብርሽ ከእውነተኛው ትርፍሽ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል። ከየሽያጩ ትንሽ ለዚህ አስቀምጪ፣ ሐምሌ ላይ ዕቃ ሸጠሽ ግብር እንዳትከፍዪ።

ዶላር ገዝተሽ ቤት ለማስቀመጥ እንዳታስቢ። ከባንክና ፈቃድ ካለው ምንዛሬ ቤት ውጪ ዶላር መነገድ ወንጀል ነው፣ ሲያዝም ሊወረስ ይችላል። ብርሽን ከመዳከም ለማዳን ከፈለግሽ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ላይ አውዪው፣ ግን በሁለትና ሦስት ወር ከምትሸጪው አታብዢው። ከዚያ በላይ ከሆነ ዶላሩ ባይጨምር ገንዘብሽ ታስሮ ይቀራል።

ዶላር ሲቀንስ ዋጋው ለምን አይቀንስም የሚለውን ደንበኞችሽ ይጠይቁሻል። ይቀንሳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። በውድ ዶላር ያስገባው ሰው መጀመሪያ ያንን ዕቃ መጨረስ ይፈልጋል፣ የናረው ኪራይና ደመወዝም አይመለስም። ዋጋ የሚወርደው አንድ አስመጪ በርካሽ ያስገባውን ይዞ ሲመጣና ሌሎቹ ደንበኛ ሲሸሻቸው ነው። ስለዚህ ከአንድ አከፋፋይ ብቻ አትግዢ።

ወደ 1,500ው ልመለስና ልጨርስ። በዚህ ሳምንት መርካቶ ስትወርጂ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ያንኑ ፔርሙዝ፣ ያንኑ ሊትር ጠይቂ። ባለፈው የገዛሽበትን ቀን የባንክ ምንዛሬና የዛሬውን በወረቀት ጻፊና ያዢ። ከዚያ ለአከፋፋይሽ «የዶላሩን ጭማሪ እቀበላለሁ፣ የመጋዘንህንና የጫኝህን ግን በዶላር አታስላብኝ፣ 1,450 አድርግልኝ» በዪው። የረጅም ጊዜ ደንበኛ ነሽ፣ ስሌቱም በእጅሽ አለ። 1,460 ወይም 1,470 ካለሽ ውሰጂ። ከ1,500 ንቅንቅ ካላለ ግን 32 ፔርሙዝ ከእሱ ከመግዛትሽ በፊት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሱቅ ሞክሪ።